ሰምቶ በትክክል ስለ መጻፍ

ሰው የሰማውን ነገር ለሌላው በሚያወራበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን አይስትም፤ ቍጥሩንና ስሙን ግን ይስታል። ምክንያቱም እንዲህ ነው። የነገር ሐሳብ ከቃል ጋራ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስለ ሆነ፥ አንዱ ቃል ቢያመልጥ ሰሚው ከፊቱና ከኋላው ካለው ቃል ተነሥቶ ሊሞላው ይችላል። ቍጥርና ስም ግን ደጋፊ የላቸውም። «ሰባ» የሚለው ቃል ያመለጠው ሰው ከቀረው ንግግር ውስጥ ሰባነቱን ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ የማዳመጥ ትምህርት የሚመረመረው ይልቁንም በቍጥር፥ በዘመንና በስም ነው።

በቀድሞ ዘመን ነጋሪት ተጐስሞ አዋጅ በሚነገርበት ጊዜ፥ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይባል ነበር። በገበያ የቆመው ሰው ቃሉን በጆሮው ተቀብሎ ወደ ቀዬው ይወስዳል፤ በቀዬው ያሉትም ወረቀቱን ሳያዩ በእርሱ ቃል ያድራሉ። እርሱ የቀጠሮውን ቀን ቢስት የሚስቱት ከእርሱ የሰሙት ሁሉ ናቸው። ሰምቶ የሚጽፍ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ የጻፈውን የሚያነብ ሰው የመጀመሪያውን ቃል አልሰማምና በተጻፈው ብቻ ያምናል።

በአዲስ አበባ በልደታ ክፍለ ከተማ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር አለ። ይህ ስም ራሱ ለማዳመጥ ትምህርት መልካም መጀመሪያ ነው። «ጠመንጃ ያዥ» ማለት ጠመንጃ የሚይዝ ማለት ነው፤ «ያዘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን መጨረሻው ዝ ሳይሆን ዥ ነው። መጀመሪያውም ተ ሳይሆን ጠ ነው። በዚህ ስም ውስጥ ካሉት ፊደሎች አንዱም ቢሆን በድምፅ የሚመስለው ሌላ ፊደል የለውም፤ ስለዚህ ጆሮው የነቃ ተማሪ ማንንም ሳይጠይቅ በትክክል ሊጽፈው ይችላል። «ልደታ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ስም ሁሉ እንደዚህ አይደለም፤ ጆሮ ብቻውን የማይበቃባቸው ስሞች አሉ።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር በሚገኝ የትምህርት ክፍል ውስጥ አንድ መምህር የሚከተለውን ንባብ ለተማሪዎቹ ያነባል እንበል። ተማሪዎቹ ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት በፊታቸው አለ፤ ንባቡ የተጻፈበት ወረቀት ግን በመምህሩ እጅ ብቻ ነው። ቍጥሮቹም በንባቡ ላይ እንደሚነገሩት ሁሉ በቃል እንጂ በአኃዝ አልተጻፉም።

«ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በሺህ ስምንት መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፥ ግንቦት አንድ ቀን፥ በልደታ ዕለት፥ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ዓመተ ምሕረት የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄዱ፤ ይህም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ነበረ። ስለዚያም አገር ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። በኋላም በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፥ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፥ መስከረም ዘጠኝ ቀን ዐረፉ። የስማቸውም ፊደል እንዲህ ነው፤ ብዙኃኑ ኅ ሳድስ፥ ሩ ካዕብ፥ ይ ሳድስ። የአባታቸውም ስም፤ ወ ግዕዝ፥ ል ሳድስ፥ ደ ግዕዝ፤ ንጉሡ ሥ ሳድስ፥ ላ ራብዕ፥ እሳቱ ሴ ኃምስ።»

በተማሪዎቹ ወረቀት ላይ ያሉት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

1. ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት በስንት ዓመተ ምሕረት፥ በምን ወር፥ በስንተኛው ቀን ነው?
2. የተወለዱበት አገር ስሙ ማን ነው?
3. ወደ ጃፓን የሄዱበት ዓመት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ስንት ነው? በአውሮፓውያንስ?
4. ያረፉት መቼና የት ነው?
5. ባረፉ ጊዜ ስንት ዓመት ሞልቷቸው ነበር?
6. ስማቸውንና የአባታቸውን ስም በትክክለኛው ፊደል ጻፍ።
7. በጃፓን የቈዩት ስንት ቀን ነው?

መምህሩ ንባቡን ሦስት ጊዜ ያነባል። በመጀመሪያው ንባብ ተማሪው ብዕሩን አስቀምጦ ይሰማል እንጂ አይጽፍም፤ የሚፈልገው ቍጥርና ስም በንባቡ ውስጥ ከየትኛው ነገር በኋላ እንደሚመጣ ብቻ ያስተውላል። በሁለተኛው ይጽፋል። በሦስተኛው የጻፈውን እየተከተለ ይመረምራል። በመጀመሪያው ንባብ ለመጻፍ የሚጣደፍ ተማሪ የልደቱን ዘመን ሲጽፍ የጃፓኑ ዘመን ያልፈዋል።

ቍጥርን በሚጽፍበት ጊዜ ተማሪው በፊደል ሳይሆን ወዲያው በአኃዝ መጻፍ ይገባዋል፤ በፊደል መጻፍ ጊዜ ይወስዳልና። በአማርኛ ቍጥር ሲነገር ከትልቁ ወደ ትንሹ ስለሚወርድ፥ አኃዙም በተሰማበት ተራ ሊጻፍ ይችላል። «ሺህ» ሲል 1፥ «ስምንት መቶ» ሲል 8፥ «ሰባ» ሲል 7 ይጻፋል። ከዚህ በኋላ ግን መታገሥ ያስፈልጋል። ከ«ሰባ» በኋላ ሌላ ቍጥር ካልመጣና «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ከተከተለ፥ የቀረው ቦታ በ0 ይሞላል፤ 1870 ይሆናል። «ሃያ አራት» ሲባል ግን ከሃያው በኋላ አራት ይመጣልና 1924 ይሆናል። ስለዚህ ባዶው ቦታ የሚታወቀው ከተነገረው ቃል ብቻ ሳይሆን ካልተነገረውም ነው።

በዚህ ቦታ ብዙዎች የሚሰናከሉበት አንድ ነገር አለ። በአማርኛ የዐሥሮቹ ስም ከአንዶቹ ስም ጋራ በጣም ይቀራረባል፤ ሰባት ሰባን፥ ስድስት ስድሳን፥ አምስት አምሳን ይመስላል። ይልቁንም ከቍጥሩ በኋላ በተ የሚጀምር ቃል ሲከተል ጆሮ ይታለላል። «ሰባ ተማሪዎች» እና «ሰባት ተማሪዎች» በፍጥነት ሲነገሩ የሰባት ት በሚቀጥለው ተ ውስጥ ስለሚዋጥ ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ አንባቢው ከቍጥሩ በኋላ ጥቂት ማረፍ አለበት፤ ሰሚውም የቍጥሩን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያውን ብቻ መያዝ የለበትም። ተማሪው «ሰባ»ን «ሰባት» ብሎ ቢሰማ 1870 መሆኑ ቀርቶ 1807 ይጽፋል። በግዕዝ አኃዝም ቢሆን ልዩነቱ አንዲት ምልክት ብቻ ናት፤ ፲፰፻፸ ሰባ ነው፥ ፲፰፻፯ ሰባት ነው።

1807 ብሎ የጻፈ ተማሪ ስሕተቱን ራሱ ሊያገኘው ይችላል። በ1807 የተወለደ ሰው በ1924 ወደ ጃፓን ቢሄድ መቶ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ይህም የማይሆን ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ማስተዋል ያስፈልጋል። ልቡና ስሕተት መኖሩን ይነግራል፤ ትክክለኛውን ቍጥር ግን አይነግርም። 1807 የማይሆን መሆኑን ያወቀ ተማሪ በገዛ ግምቱ 1860 ወይም 1877 ቢጽፍ፥ ከአንዱ ስሕተት ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ አልታረመም። የሚገባው በቍጥሩ አጠገብ ምልክት አድርጎ ሦስተኛውን ንባብ መጠበቅ ነው።

ስለ ዘመን የሚመጣው ችግር ደግሞ ከዚህ ልዩ ነው፤ በዚያ ጆሮው በትክክል የሰማ ተማሪ እንኳ ይሳሳታል። በንባቡ ውስጥ «ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ» የሚለው ቍጥር ሁለት ጊዜ ይገኛል። በመጀመሪያው ጊዜ ኅሩይ ወደ ጃፓን የሄዱበት ዓመት ነው፤ በሁለተኛው ያረፉበት ዓመት ነው። ያላስተዋለ ተማሪ በሄዱበት ዓመት ዐረፉ ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን የፊተኛው በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የኋለኛው በዓመተ ምሕረት የተነገረ ነው። የፊተኛው 1931 በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1924 ነው፤ የኋለኛው 1931 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፓውያን 1938 ነው። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት አለ። ስለዚህ ዘመን ያለ አቈጣጠሩ ስም ግማሽ መልስ ነው፤ ተማሪው ከአኃዙ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «በአውሮፓውያን» ብሎ መጻፍ አለበት።

የሁለቱ አቈጣጠር ልዩነት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ አውሮፓውያን አዲሱን ዓመታቸውን እስከሚቀበሉበት እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አቅራቢያ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ሰባት ሲደመርበት 1938 ይሆናል፤ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. ግን ስምንት ሲደመርበት 1878 ይሆናል። ስለዚህ ወሩን ያልሰማ ተማሪ ዓመቱን ሊለውጥ አይችልም።

ቀኑን መለወጥ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይረቃል። ግንቦት 1 ቀን በዛሬው ዘመን ከአውሮፓውያን ሜይ 9 ቀን ጋራ ይገጥማል። በ1870 ዓ.ም. ግን የገጠመው ከሜይ 8 ቀን ጋራ ነበር። ይህ የሆነው አውሮፓውያን በእነርሱ አቈጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ቀን ሳያደርጉ ስለ ዘለሉት፥ የኢትዮጵያ አቈጣጠር ግን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የምትመጣውን ስድስተኛዪቱን የጳጉሜን ቀን ምንም ሳያስቀር ስለሚቈጥር ነው። ከዚህ የተነሣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ጨመረ። እንግዲህ ጥያቄው ካልጠየቀ በቀር ተማሪው የሰማውን ዘመን በገዛ ራሱ አይለውጥ፤ እንደ ተነገረ ይጻፈው።

አምስተኛው ጥያቄ መቀነስን ይጠይቃል። ከ1931 ላይ 1870 ቢነሣ 61 ይቀራል፤ ብዙዎችም 61 ብለው ይጽፋሉ። ነገር ግን ተማሪው ወሩን ቢመለከት ኅሩይ የተወለዱት በግንቦት፥ ያረፉት በመስከረም መሆኑን ያያል። በግንቦት 1 ቀን 1930 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላቸው፤ 61 የሚሞላቸው በግንቦት 1931 ነበረ፤ እርሳቸው ግን ከዚያ በፊት በመስከረም ዐረፉ። ስለዚህ የሞላቸው ዓመት 60 ነው፤ በላዩም አራት ወር ከጥቂት ቀን አለ። ዓመትን ከዓመት ከመቀነስ በፊት የልደቱ ወር ደርሶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ መጠየቅ የዚህ ስሌት ሥርዓቱ ነው።

በዘመን ላይ ለተማሪው የሚረዳ አንድ ልማድ በኢትዮጵያ አለ፤ ይኸውም ቀኑን በበዓሉ ስም መጥራት ነው። ከወሩ በአንደኛው ቀን ልደታ፥ በ12ኛው ሚካኤል፥ በ19ኛው ገብርኤል፥ በ21ኛው ማርያም፥ በ27ኛው መድኃኔ ዓለም ይታሰባል። አንባቢው «ግንቦት አንድ ቀን፥ በልደታ ዕለት» ሲል ቀኑን ሁለት ጊዜ ተናገረ ማለት ነው። ተማሪው «አንድ» የሚለውን ሳይሰማ ቢቀር፥ ወይም «ሃያ አንድ» መስሎት ቢጠራጠር፥ «ልደታ» የሚለው ቃል ይፈርድለታል። በመስከረም ዘጠኝ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምስክር በንባቡ ውስጥ ስለሌለ ጆሮውን ይበልጥ ማንቃት ይገባዋል።

አሁን ወደ ስም እንመለስ። በግዕዝ ሀ፥ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ሠ እና ሰ፥ አ እና ዐ፥ ጸ እና ፀ እንደዚሁ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆነ፤ መልካቸው ግን እንደ ተለየ ቀረ። ልዩነታቸው በግዕዝ ትርጓሜን ይለውጣል፤ ሠረቀ ማለት ወጣ፥ ብርሃኑ ታየ ማለት ሲሆን ሰረቀ ማለት የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። መሐረ ይቅር አለ ነው፤ መሀረ አስተማረ ነው። ጆሮ ይህን ሊለይ ስለማይችል የቀደሙት መምህራን ለየፊደሉ መጠሪያ ሰጡት። ሀ ሃሌታው ሀ፥ ሐ ሐመሩ ሐ፥ ኀ ብዙኃኑ ኀ ይባላል። ሠ ንጉሡ ሠ፥ ሰ እሳቱ ሰ ነው። አ አልፋው አ፥ ዐ ዓይኑ ዐ፤ ጸ ጸሎቱ ጸ፥ ፀ ፀሐዩ ፀ ነው። መጠሪያው ያ ፊደል ከሚገኝበት ከታወቀ ቃል የተወሰደ ነው፤ እሳቱ ሰ ማለት እሳት የሚጻፍበት ሰ ማለት ነው።

ፊደል የሚነግር ሰው ሁለት ነገር ይናገራል፤ አስቀድሞ የፊደሉን መጠሪያ፥ ቀጥሎም ግዕዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ፥ ራብዕ፥ ኃምስ፥ ሳድስ፥ ሳብዕ ከሚባሉት ሰባቱ አንዱን። ተመሳሳይ የሌለው ፊደል መጠሪያ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ሩ፥ ላ እና ወ በድምፃቸውና በተራቸው ብቻ ተነገሩ። «ብዙኃኑ ኅ ሳድስ» ሲባል ግን ተማሪው ህ ወይም ሕ ሳይሆን ኅ ይጽፋል።

«ሥላሴ» የሚለው ስም ለዚህ ትምህርት ከሁሉ ይሻላል፤ በአንድ ስም ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉና። የመጀመሪያው ንጉሡ ሥ ነው፥ የመጨረሻው እሳቱ ሴ ነው። የመጀመሪያውን በትክክል የሰማ ተማሪ የኋለኛውንም በዚያው ልማድ «ሤ» ብሎ ሊጽፍ ይቸኵላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ይሰማ፤ ካለፈው ፊደል በመነሣት የሚመጣው አይገመት።

የዚህ ስሕተት ጕዳት በመዝገብ ላይ ይታያል። በፊደል ተራ በተጻፈ መዝገብ ሀ አንደኛ፥ ሐ ሦስተኛ፥ ኀ ግን ዐሥራ ሦስተኛ ነው። ኅሩይ የሚለውን ስም ሰምቶ «ሀሩይ» ወይም «ሕሩይ» ብሎ የጻፈ ሰው በመዝገቡ መጀመሪያ ቢፈልግ አያገኘውም፤ ስሙ በኋለኛው ገጽ በኀ ሥር ተጽፎ እያለ «የለም» ብሎ ይመለሳል።

የንባቡ ሌሎች ስሞች ግን ፊደላቸው አልተነገረም። መርሐ ቤቴ የሚለው ሐመሩ ሐ ነው፤ ማኅደረ የሚለው ብዙኃኑ ኅ፥ ብርሃን እና ሀገረ የሚሉት ሃሌታው ናቸው። ፊደሉ ሳይነገረው «መርሀ ቤቴ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ጆሮው አልበደለም፤ ስለዚህ መምህሩ ይህን ያርመዋል እንጂ ነጥብ አይቀንስበትም። ኅሩይ በሚለው ላይ ግን ፊደሉ ተነግሮታልና ይቀንስበታል። የሚፈረደው በተነገረው ልክ ነው።

ሰባተኛው ጥያቄ ተማሪውን የሚፈትነው በሌላ መንገድ ነው። ኅሩይ በጃፓን ስንት ቀን እንደ ቈዩ ንባቡ አይናገርም። ባዶውን ቦታ ማየት የሚያሳፍረው ተማሪ ዐርባ ወይም ስድሳ ብሎ ይጽፋል። ሌላውም ከሌላ መጽሐፍ ያነበበውን ይጽፋል። ምናልባት የጻፈው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጥያቄው የሚጠይቀው ንባቡ ምን እንዳለ ነው። ትክክለኛው መልስ «ንባቡ አይናገርም» የሚል ነው። ይህን መልስ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

ሦስተኛው ንባብ ካለቀ በኋላ መምህሩ ንባቡ የተጻፈበትን ወረቀት ያድላል። ተማሪው መልሱን ከንባቡ ጋራ እያስተያየ በሌላ ቀለም ያርማል፤ የፊተኛውን ግን አይፍቅም፥ በላዩ አንድ መስመር ብቻ ያሰምርበታል። ዘመንም በሦስት ይከፈላል፤ ለዓመቱ፥ ለወሩና ለቀኑ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል፤ ቀኑን የሳተ ተማሪ በዓመቱ የሠራው አይጠፋበትም። በመጨረሻም ከየስሕተቱ አጠገብ ከሦስቱ ቃሎች አንዱን ይጽፋል፤ «ጆሮ»፥ «ስሌት» ወይም «ፊደል»። 1807 ብሎ የጻፈው «ጆሮ» ይላል፤ 61 ብሎ የጻፈው «ስሌት» ይላል፤ «ሥላሤ» ብሎ የጻፈው «ፊደል» ይላል።

ይህ የሚደረገው ሦስቱ ሕመሞች መድኃኒታቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ነው። ጆሮው የሳተ ተማሪ የሚያስፈልገው ቍጥር ሲነገር ሰምቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ መልሶ ማሰማት ነው። ስሌቱ የሳተው ንባቡን መቶ ጊዜ ቢሰማ አይጠቅመውም፤ ወሮቹን በተራ ጽፎ ይቍጠር። ፊደሉ የሳተው መጠሪያዎቹን በቃሉ ይያዝ። ስሕተቱን በስውር ፍቆ ትክክሉን የጻፈ ተማሪ ግን ወረቀቱ ንጹሕ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ንባብ በተነበበ ጊዜ ያው ሕመም ይመለስበታል፤ መምህሩም የቱን መድኃኒት እንዲሰጠው አያውቅም።